በፎቶ የመጣ የፍጹም ዋጋ ጥያቄ እንዴት ይሠራል?

የእህቴ ልጅ የቤት ሥራ ሲያስቸግራት ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። ባለፈው የላከችው ገጽ ጎበጥ ያለ ነበር፤ የእጇ ጥላም አርፎበታል። ቸኩዬ ያነበብኩት እንዲህ ነው፦

12x − 81 − 1 = 5x

ስሠራው x = 82/7 ወጣ። ለቤት ሥራ እንዲህ ያለ ቁጥር ያስጠረጥራል። ደግሞስ ጥያቄ አውጪው 81ን እና 1ን ሳይደምር ለምን ጎን ለጎን ይተዋቸዋል? ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ከ2 በፊትና ከ8 በኋላ ያሉት አንዶች አይደሉም። የቁም መስመሮች ናቸው። ጥያቄው ተማሪዎች አብሶሉት ቫልዩ የሚሉት፣ የፍጹም ዋጋ ጥያቄ ነው፦

|2x − 8| − 1 = 5x

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማንበብ ነው። የፍጹም ዋጋ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥሮቹ ረዘም ይላል፤ ሁልጊዜም ጥንድ ነው። አንዱን ካገኛችሁ ጓደኛውን ፈልጉ። የሚዘጋው መስመር የት እንደቆመም በደንብ እዩ። ከ8 በኋላ ሳይሆን ከመጨረሻው 1 በኋላ ቢሆን ኖሮ |2x − 8 − 1| ይሆንና ሌላ ጥያቄ ይወጣዋል። ካልታየ አትገምቱ። ወረቀቱን ዘርግታ፣ ከላይ ቀጥ አድርጋ እንደገና ታንሳው። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፋይል ስትልከው ጥራቱ አይቀንስም።

ቀጥሎ ፍጹም ዋጋውን ብቻውን አስቀሩት። −1 ወደ ቀኝ ሲሻገር +1 ይሆናል፦

|2x − 8| = 5x + 1

አሁን ለሁለት እንከፍለዋለን። በመስመሮቹ መካከል ያለው ነገር ዜሮ ወይም ከዜሮ በላይ ከሆነ እንዳለ ይወጣል። ከዜሮ በታች ከሆነ ምልክቱ ተገልብጦ ይወጣል። 2x − 8 ዜሮ የሚሆነው x 4 ሲሆን ነው፤ ድንበሩ እሱ ነው።

ኬዝ 1፣ x ≥ 4 ሲሆን፦

2x − 8 = 5x + 1
−9 = 3x
x = −3

ኬዝ 2፣ x < 4 ሲሆን፦

−(2x − 8) = 5x + 1
−2x + 8 = 5x + 1
7 = 7x
x = 1

እዚህ ላይ ቅንፏን አትርሱ። ብዙ ሰው −2x − 8 ብሎ ይጽፍና ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። መቀነሱ 8ንም ይነካዋል።

ሁለት ቁጥር አገኘን ማለት ሁለት መልስ አገኘን ማለት አይደለም። ለጊዜው እጩዎች ናቸው። አንድ በአንድ ወደ ፎቶው ጥያቄ እንመልሳቸው።

x = −3 ሲሆን በግራ |−6 − 8| − 1 = 14 − 1 = 13 ይመጣል። በቀኝ 5 × (−3) = −15 ነው። አልተገናኙም፤ ይሰረዝ።

x = 1 ሲሆን በግራ |2 − 8| − 1 = 6 − 1 = 5፤ በቀኝም 5። ይሄ ይያዝ።

−3 ከየት መጣ? ኬዝ 1ን ስንጀምር x ቢያንስ 4 ነው ብለን ነበር። ስሌቱ ግን ይህን አያውቅም፤ ዝም ብሎ −3 ላይ አደረሰን። ሌላም ምልክት አለ። ፍጹም ዋጋ መቼም ከዜሮ በታች አይሆንም፤ በ−3 ግን 5x + 1 ማለት −14 ነው።

የእህቴ ልጅ መልስ ግን 9/7 ነበር። "ቼክ አድርጌዋለሁ እኮ!" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አድርጋለች። ግን −1ን ስታሻግር ምልክቱን ሳትቀይር |2x − 8| = 5x − 1 ብላ ጽፋ ኖሯል። ያረጋገጠችውም በዚሁ በተሳሳተው መስመር ላይ ነው። እዚያ በ9/7 ግራውም ቀኙም 38/7 ይመጣል፤ ጉድለት የለም። ዋናው ጥያቄ ላይ ስናስገባው ግን ግራው 31/7፣ ቀኙ 45/7 ሆነ። ለዚህ ነው ማረጋገጫው ከመሃል ካለ መስመር ሳይሆን ከፎቶው ጥያቄ የሚጀመረው። መሃል ላይ የተሠራ ስህተት ራሱን አያጋልጥም።

አንዳንዴ ሁለቱም እጩዎች ይወድቃሉ። |2x − 5| = x − 4 ላይ 1 እና 3 ይወጣሉ። በ1 ግራው 3፣ ቀኙ −3 ነው። በ3 ደግሞ ግራው 1፣ ቀኙ −1። ያኔ የሚጻፈው "መልስ የለውም" ነው። እሷ ግን ይህን መጻፍ አትወድም፤ ደብተሯ ላይ ባዶ ቦታ የተወች ይመስላታል።