አራት ስኒ ውጭ አገር ላለ ደንበኛ መሸጥ፦ ከመለካት እስከ ማስረከብ

ውጭ አገር ያለ ገዢና ሻጭ የሚቃቃሩት ብዙ ጊዜ ዕቃው ስለተሰበረ አይደለም። ቀድሞ ያልተነገረ ሂሳብ ደጃፍ ላይ ስለሚመጣ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚያልቀው ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነው። ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ትዕዛዝ ይዘን እንሂድ፦ ፈረንሳይ ያለ ሰው እጀታ የሌላቸው አራት ትናንሽ የሸክላ ስኒዎች በ80 ዩሮ ሊገዛ ይፈልጋል። ምግብ ለሚልኩ የሚለየውን ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን።

1. የመላኪያ ዋጋ ከመናገርዎ በፊት አሽገው ይለኩ

ጀማሪ ሻጭ ስኒዎቹን ይመዝንና በዚያ ክብደት ዋጋ ይጠይቃል። የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ግን ሁለት ክብደት ያያሉ። አንደኛው ሚዛን የሚያሳየው ነው። ሁለተኛው ካርቶኑ አውሮፕላን ውስጥ የሚይዘው ቦታ ወደ ኪሎ ሲመነዘር የሚመጣው ነው። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ይባዙና ብዙውን ጊዜ ለ5000 ይካፈላሉ። ከሁለቱ የሚበልጠው ይከፈልበታል።

ስኒዎቻችን እያንዳንዳቸው 150 ግራም ይመዝናሉ፤ ከፍታቸውም የአፋቸው ስፋትም 6 ሴንቲ ሜትር ነው። አየር የቋጠረ ፕላስቲክ ለየብቻ ሲጠቀለልባቸው እያንዳንዳቸው ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ሁለት በሁለት ሲደረደሩ 18 በ18 በ9 ይይዛሉ። በስድስቱም ጎን 5 ሴንቲ ሜትር መሙያ ሲጨመር የሚያስፈልገው ካርቶን 28 በ28 በ19 ነው። ሲባዛ 14,896፣ ለ5000 ሲካፈል 3 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሚዛን ላይ ግን ከነካርቶኑ 1.2 ኪሎ ቢሆን ነው። አሁን ቤት ውስጥ የተገኘ 40 በ30 በ30 ካርቶን ተጠቀሙ እንበል፦ ሂሳቡ 7.2 ኪሎ ይሆናል። ያው አራት ስኒ ነው፤ የጨመረው አየር ብቻ ነው። ካርቶን በልክ መቁረጥ ከየትኛውም ቅናሽ ድርድር የበለጠ ገንዘብ ያተርፋል።

በተለመደው የፖስታ አገልግሎት ለአነስተኛ እሽግ ብዙ ጊዜ የሚታየው የሚዛኑ ክብደት ነው። ስለዚህ ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ዕቃ፣ እንደ ቅርጫት ያለ፣ በፖስታ ሊረክስ ይችላል። የሚለካው አሠራር በየአገልግሎቱ ስለሚለያይ ሁለቱንም ይጠይቁ።

ስለ ማሸጉ አንድ ሁለት ነገር። እያንዳንዱ ስኒ ለብቻው ይጠቀለል፤ ሸክላ የሚሰነጠቀው ከካርቶኑ ይልቅ ከጎረቤቱ ስኒ ጋር ሲጋጭ ነው። የስኒው ውስጥም ይሞላ። የተጨማደደ ጋዜጣ ብቻውን አይበቃም፤ ከባድ ዕቃ ከላዩ ሲጫን ተጨፍልቆ ይቀራል፣ ባዶ ቦታም ይፈጠራል። ካርቶኑን ዘግተው ይነቅንቁት፦ ድምፅ ከሰሙ ይክፈቱትና ይጨምሩበት። ገለባና ድርቆሽ ለመሙያ አይጠቀሙ፤ የዕፅዋት ተቆጣጣሪዎች እሽጉን ሊያግዱት ይችላሉ። የእንጨት ሣጥንም ቢሆን ያልታከመ ጣውላ ከሆነ ችግር አለው። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ከ6 ሚሊ ሜትር የወፈረ ተራ ጣውላ ነፍሳት እንዳይዝ መታከም አለበት። በሙቀት ከሆነ እስከ መሃሉ ድረስ 56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ ይቆይና ማኅተም ይመታበታል።

2. ደጃፍ ላይ የሚጠየቀውን ግብር ቀድመው ያስሉ

ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ብዙ ደንበኛ የሚጠፋውም እዚህ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እስከ 22 ዩሮ ለሚያወጣ ዕቃ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃነት ከሐምሌ 1 ቀን 2021 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ አንስቷል። ከዚያ ወዲህ ርካሽም ቢሆን የተሸጠ ዕቃ ታክሱ አይቀርለትም። አሜሪካም እስከ 800 ዶላር ለሚደርስ ዕቃ ትሰጥ የነበረውን ነፃነት ከነሐሴ 29 ቀን 2025 ጀምሮ ለሁሉም አገሮች አቁማለች። «ትንሽ እሽግ ነው፣ ያልፋል» የሚለው የቆየ ምክር ዛሬ አይሠራም።

ወደ ስኒዎቹ እንመለስ። ዕቃው 80፣ መላኪያው 40 ዩሮ ቢሆን፣ የፈረንሳይ መደበኛ ታክስ 20 በመቶ የሚሰላው በ80 ላይ ብቻ አይደለም። መላኪያውም ስለሚደመር በ120 ላይ ነው፤ 24 ዩሮ ይሆናል። በዚያ ላይ አድራሹ ድርጅት ወረቀቱን ስለጨረሰበት የራሱን ክፍያ ይጨምራል። 120 ዩሮ ከፍዬ ጨርሻለሁ ያለ ገዢ ድንገት ሌላ ሂሳብ ሲቀርብለት እሽጉን አልቀበልም ይላል። ዕቃው ይመለሳል፤ የመመለሻው ወጪም ወደ ላኪው ሊመጣ ይችላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ግብሩን ገዢው ሲረከብ እንዲከፍል መስማማት ሲሆን፣ ግምቱን ከክፍያው በፊት በጽሑፍ ይነግሩታል። ሁለተኛው እርስዎ ቀድመው ከፍለው ዋጋው ውስጥ ማካተት ነው፤ በንግድ ቋንቋ ዲዲፒ የሚባለው ይኸው ነው። ሁለተኛው ለገዢው ይመቻል፣ ግን ሁሉም የፖስታ አገልግሎት አይሰጠውም። ብዙ ሰው የሚሸጥባቸው የኢንተርኔት ገበያዎች ወደ አውሮፓ ኅብረት እስከ 150 ዩሮ ለሚያወጣ ዕቃ ታክሱን ራሳቸው ከገዢው ይሰበስባሉ። እንዲህ ከሆነ የገበያውን የታክስ መለያ ቁጥር ለአጓጓዡ በኤሌክትሮኒክ መረጃው ውስጥ ማስተላለፍ ግድ ነው። ካልተላለፈ ገዢው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

3. የጉምሩክ ወረቀቱን እንደሚነበብ አድርገው ይሙሉ

በፖስታ ሲላክ ዋጋው ዝቅተኛ ለሆነ እሽግ ሲኤን 22፣ ከፍ ላለው ሲኤን 23 የሚባል ቅጽ ይሞላል። «ስጦታ» ወይም «የእጅ ሥራ» ብሎ መጻፍ ለመርማሪው ምንም አይነግረውም፤ ይከፍተዋል፣ ወይም ለገዢው ደብዳቤ ይጽፍለታል። ይልቁን «የሸክላ መጠጫ ስኒ፣ በእጅ የተሠራ፣ 4 ፍሬ፣ 0.6 ኪሎ፣ 80 ዩሮ» ብለው ተቀባዩ አገር በሚያነበው ቋንቋ ይጻፉ። የዕቃ መለያ ቁጥሩንም ይጨምሩ፦ ፖርስሊን ላልሆነ የሸክላ የገበታ ዕቃ 6912፣ ለፖርስሊን ደግሞ 6911 ይጀምራል።

ገዢው «ስጦታ ነው በል፣ ዋጋውን ዝቅ አድርግልኝ» ሊል ይችላል። እሺ አይበሉ። ሐሰተኛ መግለጫ የፈረመው እርስዎ ነዎት፤ ዕቃው ቢጠፋም ካሳ የሚታሰበው ወረቀቱ ላይ ባለው ዋጋ ነው። 10 ዩሮ ብለው ጽፈው 80 መጠየቅ አይቻልም።

4. ገንዘቡ ከገባ በኋላም ሊወጣ እንደሚችል ያስቡ

በካርድ ወይም በፔይፓል የተከፈለ ገንዘብ ሂሳብዎ ላይ ታየ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። ፔይፓል ላይ ገዢ ከከፈለበት ቀን ጀምሮ እስከ 180 ቀን ድረስ ቅሬታ ሊከፍት ይችላል። «አልደረሰኝም» ቢል ሻጩን የሚያድነው ዕቃው ክፍያው ላይ በተመዘገበው አድራሻ መድረሱን የሚያሳይ የመከታተያ መረጃ ነው። የታወቀው ማጭበርበርም ከዚሁ ይነሳል፦ ገዢው ይከፍልና በመልእክት «ወደ ሌላ አድራሻ ላክልኝ» ይላል። ዕቃው በደህና ይደርሳል፣ ግን በተመዘገበው አድራሻ ስላልሆነ ገዢው ክርክሩን ያሸንፋል። አድራሻ ከተቀየረ ገንዘቡን መልሰው በአዲሱ አድራሻ እንደገና እንዲከፍል ያድርጉ። ገዢው ራሱ ባዘጋጀው የመላኪያ ተለጣፊም አይላኩ፤ እሽጉን መሃል መንገድ ላይ ሊያስቀይረው ይችላል።

ከዋጋው በላይ ልኮ «ትርፉን ለአጓጓዡ አስተላልፍልኝ» የሚልም አለ። ትርፉን ሲልኩ ከኪስዎ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ክፍያ ደግሞ የተሰረቀ ካርድ ሆኖ ይሰረዛል። «ተከፍሏል» የሚል ኢሜይል ሲመጣም ሊንኩን ሳይነኩ ራስዎ ሂሳብዎ ውስጥ ገብተው ይዩ።

ባንክ ለባንክ የሚተላለፍ ገንዘብ ለሻጭ የተሻለ ነው፣ የማያውቅዎትን ገዢ ግን ያስፈራል። የሚያስታርቀው ማስረጃ ነው። ስኒውን በማስመሪያ አጠገብ ፎቶ ያንሱ፤ የቀለሙን ልዩነትና ትንሿን ጉድለት ሳይደብቁ ያሳዩ። ካርቶኑ ሲዘጋ አጭር ቪዲዮ ይቅረጹ። ይህ ለገዢው እምነት፣ ለእርስዎ ደግሞ ለክርክር ይሆናል።

5. ምግብ ከሆነ

ከማሸጉ በፊት መልሱን ማግኘት ያለብዎት ጥያቄ «ይገባል ወይ?» የሚለው ነው። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከኅብረቱ ውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት በፖስታ መላክ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ክልክል ነው፤ ቅቤ የገባበት ነገርም ጥያቄ ያስነሳል። አሜሪካ ደግሞ ለሚሸጥ ምግብ ለምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ቅድመ ማስታወቂያ ትጠይቃለች። በፖስታ ከሆነ ከመላኩ በፊት ገብቶ የማረጋገጫ ቁጥሩ ከእሽጉ ጋር መሄድ አለበት። ቤት ውስጥ የተሠራና ግለሰብ ለግለሰብ በስጦታ የሚልከው ነፃ ነው፤ የተሸጠ ግን ስጦታ አይደለም።

ለጀማሪ የሚሻለው ደረቅ ነገር ነው። ሙሉ በሙሉ ያልደረቀ ዱቄት ወይም ቅመም በታሸገ ከረጢት ውስጥ ሳምንታት ሲቆይ ይሻግታል። ፈሳሽ ደግሞ በአውሮፕላን ከፍታ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ በክዳኑ ሾልኮ ይወጣል፤ ስለዚህ ማሰሮው እስከ አፉ አይሞላ፣ ሁለት ጊዜ በፕላስቲክ ይታሸግ። ከረጢቱ ላይ የምግቡ ስም፣ በውስጡ ያለው ሁሉ፣ ክብደቱ፣ የተሠራበትና የሚያበቃበት ቀን ይለጠፍ። ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ ወይም ስንዴ ካለበት ተለይቶ ይጻፍ።

6. እሽጉ ሲዘገይ ወይም ሲሰበር

የፖስታ መከታተያ ቁጥር 13 ምልክት አለው፦ ሁለት ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ መጨረሻ ላይ የላኪ አገር ሁለት ፊደል። ቁጥሩ መድረሻው አገር ሲገባ በዚያ አገር ፖስታ ድረ ገጽ ላይ የተሻለ መረጃ ይሰጣል። «ጉምሩክ ተይዟል» ካለ ጉምሩክ የሚፈልገው ተቀባዩን ስለሆነ ወዲያው ለገዢው ይጻፉለት፤ ደብዳቤው ወይም መልእክቱ መጥቶ ሳያየው የቀረ ሊሆን ይችላል፣ ቀኑ ካለፈም ዕቃው ይመለሳል።

ምንም እንቅስቃሴ ከሌለ ፍለጋውን ማስጀመር ያለበት አብዛኛውን ጊዜ ላኪው ነው፣ በላከበት ፖስታ ቤት። በዓለም አቀፉ የፖስታ ደንብ ጥያቄው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ለዚህ የመላኪያ ደረሰኙ ያስፈልጋል። ተሰብሮ ከደረሰ ገዢው ስብርባሪውን፣ መሙያውንና ካርቶኑን ሳይጥል በየአቅጣጫው ፎቶ ያንሳ፤ ካርቶኑ ከተጣለ ማሸጉ በቂ እንደነበር የሚያሳይ ነገር አይኖርም። ሁለት ስኒ ተሰብሮ ሁለቱ ደህና ከሆኑ የሁለቱን ዋጋ መመለስ ሌላ እሽግ ከመላክ ይረክሳል፤ አዲስ ስኒ ሲላክ የመላኪያውም የታክሱም ሂሳብ ከመጀመሪያ ይጀምራልና።