የአሲድና ቤዝ ሚዛንን በሐሳብ ካርታና በአጫጭር የሕሙማን ታሪኮች እንዴት ማጥናት ይቻላል?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ሕክምና የሚማር ተማሪ የደም ጋዝ ውጤት ሲደርሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው እያንዳንዱን ቁጥር ከመደበኛው መጠን ጋር ማስተያየት ነው። አጀማመሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ተማሪው እዚያው ላይ ከቆመ በጣም የታመመውን ሰው «ደህና ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ከማስተያየቱ ቀጥሎ «ይህ በሽተኛ አሁን ባለበት ሁኔታ ቁጥሩ ስንት መሆን ነበረበት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በሜታቦሊክ አሲዶሲስ ላይ ስለሆነ ጥናቱን ከእርሱ መጀመር ይሻላል።

1. ካርታውን መሳል

አንድ ነጭ ወረቀት በአግድም አስቀምጡና መካከሉ ላይ «ፒኤች፣ ከ7.35 እስከ 7.45» ብላችሁ ጻፉ። በግራ በኩል «ሳንባ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከ35 እስከ 45 ሚሊሜትር ሜርኩሪ»፣ በቀኝ በኩል ደግሞ «ኩላሊት፦ ባይካርቦኔት፣ ከ22 እስከ 26 ሚሊሞል በሊትር» የሚል ይግባ። ከሁለቱም ወደ መካከሉ ቀስት ስቡ። በግራው ቀስት ላይ «ሲጨምር ፒኤች ይወርዳል»፣ በቀኙ ላይ «ሲጨምር ፒኤች ይወጣል» ብላችሁ አስፍሩ። ፒኤችን የሚወስነው የሁለቱ ጥምርታ መሆኑን የሚያሳይ መስመርም በሁለቱ መካከል ይሰመር፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው አብሮት የሚወርደው ጥምርታው እንዳይዛባ ነውና።

በእያንዳንዱ ቀስት ላይ ጊዜም ይጻፍ። ሳንባ በደቂቃዎች ውስጥ ምላሽ መስጠት ይጀምርና በአንድ ቀን ገደማ ይጨርሳል፤ ኩላሊት ግን ሙሉ ምላሹን ለመስጠት ቀናት ይፈልጋል። ከዚያ በታች ለሜታቦሊክ አሲዶሲስ ይህን ቅርንጫፍ ጨምሩ፦

ፒኤች ↓ እና ባይካርቦኔት ↓ → ሜታቦሊክ አሲዶሲስ
→ አኒዮን ጋፕ ሰፊ፦ ኬቶን፣ ላክቴት፣ የኩላሊት ድካም፣ መርዝ
→ አኒዮን ጋፕ መደበኛ፦ ተቅማጥ፣ የኩላሊት ቱቦ ችግር
→ በሁለቱም፦ ሳንባ የሚጠበቅበትን ያህል ሠርቷል?

ለዚህ ቅርንጫፍ የሚያስፈልጉት ሁለት ስሌቶች ብቻ ናቸው፦

አኒዮን ጋፕ = ሶዲየም − (ክሎራይድ + ባይካርቦኔት)
የሚጠበቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ = (1.5 × ባይካርቦኔት) + 8፣ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 2

የመጀመሪያው ውጤት በተለምዶ ከ8 እስከ 12 ነው። በምግብ እጥረት ወይም በጉበት ሕመም የበሽተኛው አልቡሚን ዝቅ ብሎ ከሆነ ግን ጋፑ በውሸት ጠባብ ይመስላል፤ ስለዚህ አልቡሚን ከ4 ግራም በዴሲሊትር በታች በወረደ ቁጥር ለእያንዳንዱ 1 ግራም 2.5 ይደመርለታል።

2. አንድ ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሥራት

ኢንሱሊኑ ያለቀበት የ19 ዓመት ወጣት ከሞጣ አካባቢ በቤተሰቡ ታጅቦ መጣ እንበል። ከትናንት ጀምሮ ያስታውካል፣ ሆዱን ያመዋል፣ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል። ውጤቱ ፒኤች 7.23፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 22፣ ባይካርቦኔት 9፣ ሶዲየም 132፣ ክሎራይድ 98 ነው።

ፒኤችና ባይካርቦኔት አብረው ስለወረዱ በካርታው ላይ ወደ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ እንሄዳለን። 132 − (98 + 9) = 25 ስለሆነ ጋፑ ሰፊ ነው፤ ከታሪኩ ጋር ሲታይም የስኳር ሕመም ኬቶአሲዶሲስን ያስጠረጥራል፤ ይህንንም የደም ስኳርና የኬቶን ምርመራ ያረጋግጣል። ቀጥሎ የሚጠበቀውን እናስላ፦ 1.5 × 9 = 13.5፣ 8 ሲደመርበት 21.5። የተለካው 22 ነው። ሳንባው የሚገባውን ሁሉ እያደረገ ነው፤ ሁለተኛ የአተነፋፈስ ችግር የለም።

አሁን ከሰዓታት በኋላ ወጣቱ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው፣ አተነፋፈሱም «ረጋ አለ» ተባለ። ባይካርቦኔቱ እንደነበረ 9 ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን 34፣ ፒኤች 7.04 ሆኗል። 34 ከመደበኛው ዝቅተኛ ወሰን በአንድ ብቻ ያነሰ ስለሆነ ዓይን ቶሎ ያልፈዋል። ይሁንና ለዚህ ወጣት የሚጠበቀው 21.5 ነበር፤ ስለዚህ 34 ማለት ሳንባው ደክሞ ረስፓይሬተሪ አሲዶሲስ ተደርቦበታል ማለት ነው። ረጋ ያለው አተነፋፈስ የመሻል ምልክት ሳይሆን የመዛል ምልክት ስለሆነ ተረኛው ከፍተኛ ሐኪም ወዲያውኑ ሊጠራና የመተንፈሻ ድጋፍ ሊዘጋጅ ይገባል። ከጥናቱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትቀሩ ቢሆን ይህ ቢሆን እመርጣለሁ።

3. ሁለት አጫጭር ታሪኮችን በራስ መሞከር

መልሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ስሌቱን አስቀድማችሁ ሥሩት።

ለሦስት ቀን ብርቱ ተቅማጥ የያዛት እናት፦ ፒኤች 7.28፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 26፣ ባይካርቦኔት 12፣ ሶዲየም 136፣ ክሎራይድ 114። ጋፑ 10፣ የሚጠበቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድም 26 ነው። ባይካርቦኔት ከአንጀት ጋር ወጥቶ ክሎራይድ ቦታውን ስለተካ ጋፑ አልሰፋም፤ ሌላ የተደበቀ አሲድ መፈለግ አያስፈልግም።

ኩላሊታቸው የደከመና ለቀናት ያስታወኩ አዛውንት፦ ፒኤች 7.41፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 36፣ ባይካርቦኔት 22፣ ሶዲየም 140፣ ክሎራይድ 90። ሦስቱም የደም ጋዝ ቁጥሮች መደበኛ ናቸው፤ ጋፑ ግን 28 ነው። ጋፑ ከላይኛው ወሰን በ16 ሲጨምር ባይካርቦኔት ከ24 የቀነሰው 2 ብቻ ነው። አሲዱ ብቻውን ቢሆን ባይካርቦኔት በጣም ይወርድ ነበር፤ ያልወረደው ማስታወኩ ሜታቦሊክ አልካሎሲስ ፈጥሮ ከፍ ስላደረገው ነው። ሁለት ሕመሞች ተጋጭተው መደበኛ መስለዋል። ስለዚህ ፒኤች ምንም ያህል መልካም ቢመስል አኒዮን ጋፕን ሳያሰሉ ማለፍ አይገባም።

4. የቦታውን ከፍታ ማሰብ

የመማሪያ መጻሕፍት 40 እና 24 የሚሉት በባሕር ወለል አቅራቢያ ለሚኖር ሰው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ይገኛሉ፤ የጮቄ ተራራ አካባቢ መንደሮች ደግሞ ከዚህም ከፍ ይላሉ። በከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ኦክስጅን ስለሚሳሳ ዘወትር ትንሽ በርከት አድርጎ ይተነፍሳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ዝቅ ይላል፣ ኩላሊቱም ባይካርቦኔቱን አብሮ ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ደጋ ላይ የሚኖር ጤነኛ ሰው 34 ቢያሳይ ረስፓይሬተሪ አልካሎሲስ ብሎ መቸኮል አይገባም፤ በሌላ በኩል 44 ያሳየ የደጋ ሰው ከመጽሐፉ ወሰን ውስጥ ቢሆንም ጥያቄ ሊያስነሳ ይገባል። በሽተኛው ከአባይ በረሃ ይምጣ ወይስ ከደጋ የሚለው ጥያቄ በካርታው ጥግ ላይ መጻፍ የሚገባው ለዚህ ነው።

5. ከስሌቱ በፊት ናሙናውን መጠርጠር

በሲሪንጁ ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሸት ይወርዳል። ናሙናው ሳይቀዘቅዝ ከዘገየ የደም ሕዋሳት መሥራታቸውን ስለሚቀጥሉ ፒኤች ይወርዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይጨምራል። ቁጥሮቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን ለማየት 24ን በካርቦን ዳይኦክሳይድ አባዝታችሁ ለባይካርቦኔት አካፍሉ፤ የምታገኙት የሃይድሮጅን መጠን ነው። ፒኤች 7.4 ሲሆን 40፣ 7.3 ሲሆን 50፣ 7.2 ሲሆን 63 ገደማ መምጣት አለበት። የመጀመሪያው ወጣት 24 × 22 ÷ 9 = 59 ገደማ ይሰጣል፤ ይህም ከ7.23 ጋር ይስማማል። ካልተስማማ ትርጉም ከመስጠት በፊት ናሙናው እንደገና ይወሰድ።