የ30 ዓመት ዳቦ ቤት ታፔላ ሲቀየር የድሮ ደንበኛ እንዳይሸሽ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አባታችሁ የከፈቱት ዳቦ ቤት አላችሁ እንበል። 30 ዓመት ሆኖታል። እናንተ አዲስ ስም፣ አዲስ ሎጎ፣ ኬክና ማኪያቶ አምሯችኋል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ፌስታል ይዘው የሚመጡት እናቶች ግን የሚፈልጉት ዳቦውን ነው።

ዲዛይነር ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ ባንኮኒው ጋ ተቀመጡና ማን መጣ፣ ስንት ሰዓት መጣ፣ ምን ብሎ ጠየቀ የሚለውን በደብተር ጻፉ። ሰኞ እንዳያመልጣችሁ፤ የገበያ ቀን ደንበኛ ሌላ ነው። በተለይ ቤቱን ምን ብለው እንደሚጠሩት አዳምጡ። ታፔላው ላይ ያለውን ስም ማንም ላያውቀው ይችላል፤ «አረንጓዴው በር» ወይም «ጋሼ ጋ» ይሉት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ስሙ ቢቀየር ብዙም አይጎዳ፣ በሩን ሰማያዊ ከቀባችሁት ግን ጉድ ፈላ።

ቀጥሎ የማይነካውን ለዩ፦ የዳቦው ግራም፣ እርሾው፣ ከምድጃ የሚወጣበት ሰዓት፣ ባንኮኒው ላይ የሚቆመው ሰው። የዱቤ ደብተሩም እንዳለ ይቆይ (ወደ ስልክ እናዛውረው የሚል ወንድም በየቤቱ አይጠፋም)።

ዋጋና ታፔላ በአንድ ወር አይቀየሩም። ዱቄት ከተወደደ ሁለት ወር ቀድማችሁ ጨምሩ፣ አለዚያ «የቀለሙን እኛ ነን የምንከፍለው» ይባላል። ግራም መቀነስ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። 30 ዓመት ያንን ዳቦ ያነሳች እጅ ሚዛን አያስፈልጋትም።

ታፔላውን ከማሠራታችሁ በፊት በርካሽ ባነር አሳትሙና ከድሮው ሥር ለአንድ ወር ስቀሉት። አንድ አባት ከአስፋልቱ ማዶ አቁማችሁ «ምን ይላል?» በሏቸው። ካላነበቡት ፊደሉ ቀጥኗል፣ ወይ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ አማርኛውን ውጦታል።

ስሙን ራሱን የምትቀይሩ ከሆነ መጀመሪያ ንግድ ቢሮ ሄዳችሁ ምዝገባውን አስተካክሉ፤ ፈቃዱና ደረሰኙ ሌላ፣ ታፔላው ሌላ ስም ከያዙ ጣጣ ነው። ሎጎው በንግድ ምልክትነት የሚመዘገበው ግን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ምዝገባው 7 ዓመት ይቆያል፣ ከዚያ ይታደሳል።

በመጨረሻም ከደብተራችሁ 20 ቋሚ ደንበኞች መርጣችሁ ታፔላው ከተሰቀለ በኋላ በየቀኑ ምልክት አድርጉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አምስቱ ካልታዩ ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ ከታፔላው ጋር ጭራሽ አይገናኝም፤ የኬኩ ወረፋ ከዳቦው ጋር ተቀላቅሎ መቆም አድክሟቸው ይሆናል። ያኔ የሚያስፈልገው ዳቦ ብቻ የሚሸጥበት መስኮትና አንድ አግዳሚ ወንበር ነው።