‹ሆኖም ግን›፣ ‹በተጨማሪም› እና ‹ስለዚህ› የበዛበትን ድርሰት እንዴት ማቃናት ይቻላል?

ስለ ባሕር ዛፍ ከጻፍኩት የቆየ ድርሰት የወጣች አንቀጽ ይህችው፦

«ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል። በተጨማሪም ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ገበሬው ይወደዋል። ሆኖም ግን ውሃ ይመጥጣል። በተጨማሪም በአጠገቡ ያለውን ሰብል ያቀጭጫል። ሆኖም ግን ገበሬው መትከሉን አላቆመም። ስለዚህ ባሕር ዛፍን መከልከል መፍትሔ አይሆንም።»

ሦስት ማያያዣዎች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ሁሉም በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ። ብዙዎቻችን ድርሰት በሥርዓት መጻፍ የተማርነው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሀውኤቨርን፣ ሞርኦቨርንና ዜርፎርን አንቀጽ መክፈቻ አድርገን ለመድን። ወደ አማርኛ ስንመለስ ቃሉን ተረጎምነው፣ ቦታውን ግን እንዳለ ይዘነው መጣን።

የመጀመሪያው ሥራ ማያያዣዎቹን በሙሉ መሰረዝ ነው። ቀጥሎ የቀሩትን ዓረፍተ ነገሮች አንብቡና በየመካከላቸው ያለውን ግንኙነት በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፉ፦ «ምክንያቱ»፣ «ያልጠበቅሁት»፣ «ሌላ ማስረጃ»። ምንም መጻፍ ካልቻላችሁ በዚያ ቦታ ግንኙነት አልነበረም፤ ማያያዣው ክፍተቱን ሸፍኖት ነበር ማለት ነው።

ይህን ሳያደርጉ በቀጥታ ቃል ወደ መለዋወጥ መሄድ ምን እንደሚያስከትል እኔ አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ‹ስለዚህ› ስለበዛብኝ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ፈልጎ በ‹በመሆኑም› እንዲተካልኝ አዘዝሁና ጽሑፉን ሳላነብ ላክሁት። አርታኢው ሁለት ቦታ አስምሮበት መለሰልኝ። «ስለዚህ ዛፍ ብዙ ተብሏል» ያልሁት «በመሆኑም ዛፍ ብዙ ተብሏል» ሆኗል፤ «ስለዚህች አገር» ደግሞ «በመሆኑምች አገር»። ከዚያ ወዲህ ማያያዣ የምቀይረው አንድ በአንድ፣ በእጄ ነው። የማያያዣ ቃላት ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ መለጠፍም አልወድም፤ ሰንጠረዡ ቃላቱን እርስ በርስ የሚተካኩ አስመስሎ ይደረድራቸዋል።

በጣም የሚያስቸግረው ‹ሆኖም ግን› ነው፤ ምክንያቱም ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን ይሸፍናል።

አንደኛው ያልተጠበቀ ነገር መምጣቱን ማሳየት ነው። ገበሬው ጉዳቱን ያውቃል፤ ቢያውቅ ያቆማል ብለን ጠብቀን ነበር፤ አላቆመም። እዚህ ላይ ለአማርኛ የሚቀርበው ከግሱ ጋር የተጣበቀው ‹ቢ…ም› ነው፦ «ጉዳቱን ቢያውቅም መትከሉን አላቆመም»። ሁለት ዓረፍተ ነገር አንድ ይሆናል፣ ራሱን የቻለ ማያያዣም አያስፈልግም። ሐሳቡ ረዝሞ ለሁለት መከፈል ካለበት ‹ይሁን እንጂ› ወይም ‹ይሁንና› ይሠራል። «ቢያውቅም ነገር ግን አላቆመም» አትበሉ፤ ተቃርኖው ‹ቢያውቅም› ላይ አልቋል።

ሁለተኛው ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አቁሞ ማነጻጸር ነው፦ «ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ለአጠና ይደርሳል፤ ጥድ በአንጻሩ ብዙ ዘመን ይፈጃል»። ‹በአንጻሩ› ሁለት የሚነጻጸሩ ነገሮችን ይፈልጋል። «ዝናብ ዘነበ፤ በአንጻሩ ጎርፍ አልመጣም» የማይሄደው ለዚህ ነው፤ ዝናብና ጎርፍ እዚህ የተቀመጡት ለንጽጽር አይደለም።

ሦስተኛው ማረም ነው፤ «ችግሩ ያ ሳይሆን ይህ ነው» ለማለት። ለዚህ ‹እንጂ› አለልን፦ «ችግሩ ከተተከለበት ቦታ እንጂ ከዛፉ አይደለም»።

‹ግን› ብቻውን ደግሞ እንደ ቦታው ትርጉም ይለውጣል። «ገበሬው ግን መትከሉን አላቆመም» ስትሉ ገበሬውን ከሌላ ሰው፣ ለምሳሌ ከባለሙያው፣ እየለያችሁት ነው። «ገበሬው መትከሉን ግን አላቆመም» ካላችሁ ሰውየው ሌላውን ነገር ሁሉ ተቀብሏል፣ መትከሉን ብቻ አልተወም። ቃላቱ ያው ናቸው፤ የተቃርኖው ክብደት ያረፈው ‹ግን› ከኋላው በተቀመጠው ቃል ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩን በ‹ግን› ከከፈታችሁት ይህ ልዩነት ይጠፋል። ‹ደግሞ›ም እንዲሁ ነው።

ወደ ‹በተጨማሪም› እንለፍ፤ ይህ ቀላል ነው። የሚጨመረው ነገር ከፊተኛው እኩል ከሆነ ‹ም›፣ ‹ና› ወይም ‹ደግሞ› ይበቃዋል፦ «ውሃ ይመጥጣል፤ ሰብልም ያቀጭጫል»። ከፊተኛው የሚከብድ ከሆነ ‹ከዚህም በላይ› ወይም ‹እንዲያውም› ይሻላል፦ «ምንጩ ቀንሷል፤ እንዲያውም በበጋ ጨርሶ ይደርቃል»። ‹እንዲያውም› ካለ በኋላ አንባቢ የባሰ ነገር ይጠብቃል። የመጣው ዐረፍተ ነገር የፊተኛውን በሌላ ቃል የሚደግም ብቻ ከሆነ ማያያዣ አትፈልጉለት፤ ሰርዙት።

‹ስለዚህ› ሁለት መልክ አለው። አንዱ በዓለም ላይ የሆነ ነገር ሌላውን ማስከተሉ ነው፦ «ሥሩ ውሃውን መጠጠ፤ ከዚህም የተነሳ ምንጩ ደረቀ»። ሌላው ጸሐፊው ከማስረጃ ተነስቶ የሚደርስበት ድምዳሜ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ መጨረሻው ላይ «ብዬ እደመድማለሁ» ጨምሩበት። «ምንጩ ደረቀ ብዬ እደመድማለሁ» ላየ ሰው አይሄድም፤ «መከልከል መፍትሔ አይሆንም ብዬ እደመድማለሁ» ይሄዳል። ለድምዳሜ ‹እንግዲህ› ወይም ራሱ ‹ስለዚህ› ደህና ነው፣ አንድ ጊዜ ከሆነ። ‹በመሆኑም› ስሕተት ባይሆንም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሸተኛል።

ለእንግሊዝኛ ፈተና የምትዘጋጁም ይኸው ጥያቄ ይሠራላችኋል። ሀውኤቨር ያልተጠበቀ ነገር ካመጣ በኦልዞው ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አንድ ማድረግ ይቻላል፤ ካነጻጸረ ዋይል ይበቃል። አዝ ኤ ሪዘልት ውጤትን እንጂ ድምዳሜን አይከፍትም። እዚያም ኦልዞው ባለበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ በት መድገም ስሕተት ነው፤ እኛ ‹ቢያውቅም ነገር ግን› የምንለው ልማድ ተከትሎን ይሄዳል።

አሁን ወደ አንቀጿ እንመለስ።

«ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ገበሬው የሚወደው ለዚህ ነው። ውሃ እንደሚመጥጥና በአጠገቡ ያለውን ሰብል እንደሚያቀጭጭ ቢያውቅም መትከሉን አላቆመም፤ አጠናውን ሸጦ የሚያገኘውን ገንዘብ የሚተካለት ሌላ ነገር የለውምና። እንግዲህ ምትክ ገቢ ሳያዘጋጁ ባሕር ዛፍን መከልከል መፍትሔ አይሆንም።»

ሰባቱ ዓረፍተ ነገሮች አራት ሆነዋል፤ በራሱ ቆሞ አንቀጹን የሚያያይዘው ቃልም ‹እንግዲህ› ብቻ ነው። ስለ አጠናው ገንዘብ የሚናገረው ሐረግ ግን በመጀመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ጨርሶ አልነበረም። የመጨረሻውን ‹ስለዚህ› ሰርዤ በኅዳጉ ላይ «ምክንያቱ» ብዬ ለመጻፍ ስሞክር ነው ምክንያት አለመስጠቴን ያወቅሁት፤ ገበሬው መትከሉን አለማቆሙ ብቻውን ክልከላው እንደማይሠራ አያሳይም።