ራም ጨምረንም ቪዲዮው ለምን ተቆራረጠ?

እህቴ ሐዋሳ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። ዴስክቶፗ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ነበረው፤ የራሱ ግራፊክስ ካርድም የለውም። ክሮምን ከማቀናበሪያው ጋር ስትከፍት `Task Manager` ላይ ሜሞሪው 95 በመቶ ይሞላል። ሌላ 8 ጊጋ ገዛንላት። መጨናነቁ ወዲያው ጠፋ። ቪዲዮው ግን አሁንም ይቆራረጣል።

የኮምፒውተሩን ክፍሎች ዝርዝር የሚያሳየውን `CPU-Z` ከፍቼ `Memory` ውስጥ ስገባ `Channel #` ላይ `1 x 64-bit` ይላል። ያኔ ገባኝ። ቦርዱ አራት የራም ማስገቢያ አለው፤ እኛ ጎን ለጎን ሰክተናቸዋል። ስለዚህ ሁለቱም አንድ መስመር ይጋራሉ። ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሆነ የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ነው፤ መስመሩ ሲጠብ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ከሶኬት ነቀልኩት። መስመራቸው እንዲለያይ አንዱን `A2`፣ ሌላውን `B2` የሚል ማስገቢያ ላይ ሰካሁ። ቀጭ እስኪል ድረስ መጫን ያስፈልጋል፤ ካልገባ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ሲነሳ `2 x 64-bit` አለ፤ ቪዲዮውም ያለ መቆራረጥ ሄደ።

የአዲሱ ራም ፍጥነት 3200፣ የድሮው 2666 ስለሆነ ሁለቱም በ2666 ይሠራሉ። ለእሷ ሥራ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ተውኩት። `CPU-Z` ላይ 1333 ገደማ ካያችሁ አትደንግጡ፤ ግማሹን ነው የሚያሳየው።