ሦስት ሙያ ቢያምራችሁ አንዱን በትንሽ ሙከራ እንዴት ትመርጣላችሁ?

በግብርና ተመርቆ ወረዳ ላይ የተቀጠረ ወጣት ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ይሠራል። ዛሬ የማዳበሪያ ሥርጭት ሪፖርት ነው። ነገ የተባይ አሰሳ፣ ከነገ ወዲያ የተፋሰስ ሥራ ይመጣል። ሁሉም ደስ ይላል፤ ችግሩም እሱ ነው። ማስተርስ ለመቀጠል ወይም ምርምር ማዕከል ለመወዳደር ሲነሳ አንዱን መያዝ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ሰዓት ብዙ ሰው ጓደኛው የገባበትን ወይም ማስታወቂያ የወጣበትን ይይዛል። ከዚያ ይልቅ ሥራችሁን ሳትለቁ፣ በትርፍ ሰዓትና በትንሽ ገንዘብ ሦስቱንም መቅመስ ትችላላችሁ።

እንበልና አንዲት ልጅ ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቃ ጎዛምን ውስጥ ተቀጥራለች። ሦስት ነገር ያምራታል፦ የአፈር ለምነት፣ የዘር ጥራት፣ እና የካርታና የሳተላይት ሥራ፣ ማለትም ጂአይኤስ። ሦስቱም ጎጃም ውስጥ ሥራ አላቸው። ደጋው ላይ ብዙ መሬት ኮምጥጧል። ገበሬው ዘር አልበቀለልኝም ብሎ ቢሮ ይመጣል። ባሕር ዛፍና ዲከረንስ የተባለው የግራር ዛፍ ደግሞ የእህል መሬቱን እየያዙት ነው፤ ምን ያህል እንደያዙት የሚያሳይ ካርታ ይፈለጋል። እሷን ይዘን ደረጃ በደረጃ እንሂድ።

1. የሙያውን ስም ትታችሁ የዕለት ሥራውን ጠይቁ

"የአፈር ባለሙያ" የሚለው ስም ስለ ሥራው ብዙም አይነግራችሁም። በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ፈልጉ። "ሥራው እንዴት ነው?" ካላችሁት "ጥሩ ነው" ይላችኋል። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ "ጋሼ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠሩ ዋሉ?" አዴት ምርምር ማዕከል ወይም ባሕር ዳር የአፈር ላቦራቶሪ የሚሠራ የሚያውቃችሁ ሰው ካለ በስልክም ይበቃል።

መልሱ ብዙ ጊዜ ያልጠበቃችሁት ነው። የአፈር ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው ናሙና በማድረቅ፣ በመፍጨት፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት በመንፋትና በመመዝገብ ነው። የዘር ሰው ፍሬ ይቆጥራል። የካርታ ሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ስህተት ሲያርም ይውላል። የምትሞክሩትም ይህንን አሰልቺ የሚመስለውን ክፍል ነው። ሥልጠና መውሰድ ወይም ቪዲዮ ማየት ሙከራ አይባልም፤ እዚያ አሰልቺው ሥራ ተሠርቶ ነው የሚቀርብላችሁ።

2. ወሰን አበጁ

ለእያንዳንዱ ሙከራ ገና ሳትጀምሩ አራት ነገር ጻፉ፦ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ቢበዛ ስንት ብር፣ እና በመጨረሻ በእጃችሁ ምን እንደሚቀር። ገንዘቡ ከወር ደመወዛችሁ አንድ አሥረኛ ባይበልጥ እመክራለሁ። በእጅ የሚቀር ነገር ስል የውጤት ሠንጠረዥ፣ ካርታ፣ ወይም አንድ ገጽ ጽሑፍ ማለቴ ነው። ሙያውን ባትመርጡትም እሱ ከናንተ ጋር ይቆያል።

ሙከራው ባላችሁበት ቦታ የሚሠራ ይሁን። መንገድ ሲዘጋ ወይም ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚቆም ሙከራ ስለ ሙያው ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው የሚነግራችሁ።

አንድ ነገር ግን አትቀንሱ። ሙከራው የመጀመሪያው ችግር እስኪመጣ ድረስ መቆየት አለበት። ማንኛውም አዲስ ነገር ሁለት ቅዳሜ ደስ ይላል። ውጤቱ ሲበላሽ ምን እንደምታደርጉ ካላያችሁ ስለራሳችሁ ገና ምንም አላወቃችሁም።

3. ሙከራዎቹን አስኬዱ

የዘሩ ሙከራ አጭሩ ነው። ልጅቷ ከአንድ ገበሬ ቤት ለዘር ከተቀመጠ ስንዴ 100 ፍሬ ሳትመርጥ ትቆጥራለች። "ሳትመርጥ" የሚለው ዋናው ነው፤ ዓይን ሳያውቀው ደንዳናውን ፍሬ ያነሳል። እርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድራ ትጠቀልለዋለች። በ4ኛው ቀን አንዴ፣ በ8ኛው ቀን ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ትቆጥራለች። ላቦራቶሪ 400 ፍሬ በአራት ተከፍሎ ነው የሚፈተሸው፤ ስለዚህ እሷም አራት ጥቅልል ብትሠራ የአራቱን ልዩነት ታያለች። አንዱ 92፣ ሌላው 71 ከሆነ ዘሩን ከመውቀሷ በፊት ጨርቁ ደርቆ ወይም ሻግቶ እንደሆነ ማየት አለባት። ያኔ እንደገና ለመቁጠር እጇ ፈጠነ ወይስ ከበዳት? ማስታወሻ ደብተሯ ላይ የሚገባው ይህ ነው።

የካርታው ሙከራ ላፕቶፕና `QGIS` የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ይፈልጋል። የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስልም በነፃ ይገኛል፤ አንዷ የምስሉ ነጥብ መሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። ምስሉ ከባድ ስለሆነ አንድ ጊዜ ኔትወርክ ባለበት አውርዳ ሌላውን ከመስመር ውጭ ትሠራለች። ለአንድ ቀበሌ NDVI የተባለውን የአረንጓዴነት መለኪያ ታሰላለች፤ B4 የቀዩ፣ B8 የኢንፍራሬዱ ብርሃን ምስል ነው፦

```
NDVI = (B8 - B4) / (B8 + B4)
```

አረንጓዴ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ግን መልሶ ይወረውራል። ስለዚህ ቅጠል ባለበት ቁጥሩ ከፍ ይላል። የክረምት ምስል አይጠቅማትም። ደመና ይሸፍነዋል፣ ደመና ባይኖርም ሁሉም አረንጓዴ ነው። የጥር ወይም የየካቲት ምስል ብትወስድ አዝመራው ታጭዶ መሬቱ ገርጥቷል፤ ዛፉ ግን እንደለመለመ ነው።

ካርታው ያምራል። ችግሩ የሚመጣው ስልኳን ይዛ ሠላሳ ቦታ ሄዳ ስታጣራ ነው። ዛፍ ያለችው አንዱ በመስኖ የለማ ድንች ሆኖ ይገኛል። ባሕር ዛፉና ዲከረንሱም በዚህ ቁጥር ብቻ አይለዩም። እንግዲህ ካርታው "ዛፍ" ከማለት አልፎ የዛፉን ዓይነት አይናገርም። ተመልሳ ለማረም የምትጓጓ ከሆነ አንድ ነገር ነው። "ይበቃል፣ ያምራል" ብላ ላፕቶፑን ከዘጋች ሌላ ነው።

የአፈሩ ሙከራ ረጅሙ ነው፤ ቀድሞ ተጀምሮ ሌሎቹ በመሃል ይሠራሉ። መሬቱ ኮምጥጧል ከሚል ገበሬ ማሳ ላይ በዚግዛግ እየሄደች ከ15 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ አፈር ትወስዳለች። የቤቱን ደጅ፣ የፍግ ክምሩንና የማሳውን ጠርዝ ትዘላለች። አደባልቃ በጥላ ታደርቃለች። ከዚያ ስድስት ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን አናታቸውን ቆርጣ፣ ታቻቸውን በስታ በእያንዳንዱ 4 ኪሎ አፈር ትሞላለች። ሦስቱ የአፈሩን ኮምጣጣነት የሚቀንስ ኖራ ይገባባቸዋል፣ ሦስቱ አይገባባቸውም።

ኖራው ስንት ይሁን? ማሳ ላይ በሄክታር 3 ቶን ይደረግ እንበል። የአንድ ሄክታር አፈር እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ወደ 2,400,000 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 3,000 ኪሎ ኖራ ለዚያ ሲካፈል ለአንድ ኪሎ አፈር 1.25 ግራም ይደርሳል። ለ4 ኪሎ 5 ግራም ማለት ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ በደንብ አይሞላም። ኖራው ቶሎ አይሠራም፤ ስለዚህ አፈሩን እንደረጠበ ሦስት ሳምንት ታቆየዋለች። ከዚያ በሁሉም ላይ እኩል የገብስ ፍሬ ትዘራለች። ገብስ ኮምጣጣ አፈር ቶሎ ስለሚጎዳው ልዩነቱ ይታያል። ከአራት ሳምንት በኋላ ከነሥሩ ነቅላ ታያለች። አፈሩ በጣም ከኮመጠጠ፣ በውስጡ የሚሟሟው አሉሚኒየም ሥሩን አጭርና ወፍራም ያደርገዋል።

አሁን ችግሩ መጣ። ኖራ ከገባባቸው ሦስት ጄሪካኖች አንዱ ላይ ገብሱ ቢጫ ሆኖ ቀጭጯል። ኖራው አልሠራም ማለት ነው? ሥሩን ብታወጣው መጥፎ ሽታ አለው፣ አፈሩም ጭቃ ነው። የጄሪካኑ የታች ቀዳዳ ተደፍኖ ውሃ ቋጥሯል። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ብቻ ሠርታ ቢሆን ኖሮ ኖራ አይጠቅምም ብላ ትደመድም ነበር።

4. በየቀኑ ሁለት መስመር ጻፉ

በሠራችሁ ቀን ሁሉ ሁለት ነገር መዝግቡ። መጀመሪያ፣ ለመጀመር ስንት ጊዜ አመነታችሁ? ሁለተኛ፣ ነገሩ አልሠራ ሲል ቀጥሎ ምን አደረጋችሁ? "ደስ ብሎኛል" ወይም "አልወደድኩትም" ብላችሁ አትጻፉ። ስሜቱ በዚያ ቀን ድካምና አብሯችሁ በነበረው ሰው ይወሰናል። ያስተማራችሁ ሰው ጨዋታ አዋቂ ከሆነ ሙያውን የወደዳችሁ ይመስላችኋል። የዚያን ቀን ሥራ ብቻችሁን ድገሙትና እዩ።

የልጅቷ ደብተር እንዲህ ቢል፦ ካርታውን ለማረም ሦስት ጊዜ ለነገ አስተላልፋለች። ዘሩን በትክክል ቆጥራለች፣ ከ8ኛው ቀን በኋላ ግን አላነሳችውም። ውሃ የቋጠረውን ጄሪካን ማንም ሳያዛት በማግስቱ ጠዋት በአዲስ አፈር ደግማዋለች። ከሦስቱ በጣም የጓጓችለት ካርታው ሊሆን ይችላል። ደብተሩ ግን ወደ አፈሩ ነው የሚያመለክተው፤ እኔ ብሆን ደብተሩን አምናለሁ።

5. መሪውን አንዱን ብቻ በትልቁ ድገሙት

አሁን ወደ ሌሎቹ አትመለሱ። መሪ የሆነውን ውጤቱን የሚፈልግ ሰው ባለበት ድገሙት፤ ከጄሪካን ወደ ማሳ ይሄዳል። ፈቃደኛ ገበሬ ማሳ ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆኑ ቦታዎችን ለዩ። በሄክታር 3 ቶን ከሆነ ለአንዱ ቦታ 30 ኪሎ ኖራ ይበቃል። ቦታው ትንሽ ስለሆነ ባይሳካ እንኳ የገበሬው ጉዳት ትንሽ ነው፤ ያንንም ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ከዘር አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ ስላለበት ኖራው በሚያዝያ እጃችሁ መግባት አለበት።

በዚያው ሰሞን የሥራ ገበያውን እዩ። ያለፉትን ጥቂት ወራት የቅጥር ማስታወቂያዎች ሰብስቡና በሙያው ስንት ቦታ እንደወጣ፣ ማስተርስ ይጠየቅ እንደሆነ፣ ቦታው የት እንደሆነ ቁጠሩ። ሙያውን ወደዳችሁት ማለት ደመወዝ አለው ማለት አይደለም። ሁለት መንገድ እኩል ከሆኑባችሁ ግን ይህ ቆጠራ ሚዛኑን ይደፋዋል።

ውሳኔውን ለዕድሜ ልክ አታድርጉት፤ ለአንድ የምርት ዘመን ይሁን። ልጅቷ በኅዳር አዝመራው ተወቅቶ ሲመዘን ኖራ ያለውንና የሌለውን ታወዳድራለች፣ ደብተሯን ታነባለች፣ ከዚያ ማስተርሱን በአፈር ታመለክታለች ወይም ወደ ዘሩ ትመለሳለች።