የመመረቂያ ጽሑፍ የመጨረሻ ምዕራፍ እንዴት ይጻፋል? ጥያቄን መመለስና ቀጣይ ሥራ መጠቆም

ዲፌንስ ላይ የቀረበልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ቀላል ነበር። ፈታኙ ጥራዙን ከኋላ ገለጥ ገለጥ አደረጉና «የሁለተኛው ጥያቄህ መልስ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?» አሉኝ። ፈለግሁ፤ አጣሁት። መልሱ ምዕራፍ አራት ውስጥ በሦስት ሠንጠረዦች ተበታትኗል። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ የጻፍኩት ግን «ዳታ ሰበሰብን፣ አጸዳን፣ ሞዴል አሠለጠንን» የሚል የሥራ ዝርዝር ነው። ምን እንደሠራሁ እንጂ ምን እንዳገኘሁ አልተናገርኩም።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ጥናቱንም ቁጥሮቹንም ለማሳያ የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ የማስተርስ ተማሪ የአማርኛ ዜናዎችን በስድስት ዘርፍ የሚለይ ሞዴል ሠራች እንበል። ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላትን (ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ) ወደ አንድ ፊደል መጠቅለል ይጠቅም እንደሆነ ማወቅ ፈልጋለች። ምዕራፍ አንድ ላይ ሦስት ጥያቄ አስቀምጣለች። መጠቅለሉ የሞዴሉን ትክክለኛነት ይጨምራል ወይ? የሚጎዳው ዘርፍ አለ ወይ? ሞዴሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ ላይስ ይሠራል ወይ?

መጀመሪያ፦ ጥያቄዎቹን ገልብጡ

ባዶ ገጽ ክፈቱ። ጥያቄዎቹን ከምዕራፍ አንድ ቃል በቃል ገልብጡ፤ በትዝታ አትጻፏቸው። ከእያንዳንዱ ሥር በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሱን ጻፉ። መልሱ «አዎ»፣ «አይ» ወይም «እስከዚህ ድረስ» የሚል ስሜት ይኑረው። ከዚያ መልሱን ያገኛችሁበትን የሠንጠረዥ ቁጥር አክሉ። ማጣቀስ የምትችሉት ሠንጠረዥ ከሌለ መልሱ ከውጤታችሁ ሳይሆን ከምኞታችሁ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው አንድ ነገር ይገጥመዋል፤ ጥያቄው ሌላ፣ የሠራው ሌላ ሆኖ ያገኘዋል። ተማሪያችን የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፍ ሰብስባለች፤ ግን ዘርፍ ዘርፉን ምልክት የምታደርግበት ጊዜ አልቆባት ሦስተኛው ጥያቄ ሳይነካ ቀረ። ሁለት መውጫ አላት። ከአማካሪዋ ጋር ተነጋግራ ጥያቄውን ከምዕራፍ አንድ ማውጣት ትችላለች። አለዚያ «ይህ ጥያቄ አልተመለሰም፤ ምክንያቱም ምልክት የተደረገበት ዳታ አልነበረንም» ብላ በግልጽ ትጽፋለች። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ዝም ብሎ ማለፉ ግን አያዋጣም፤ ፈታኝ መጀመሪያ የሚቆጥረው ጥያቄዎቹን ነው።

ቀጥሎ፦ የመልሱን ጉልበት መዝኑ

ሳይጠቀለል ትክክለኛነቱ 87.1 በመቶ፣ ሲጠቀለል 87.6 በመቶ ወጣ። የመጀመሪያው ረቂቅ «ፊደላትን መጠቅለል የሞዴሉን ትክክለኛነት እንደሚያሻሽል ተረጋግጧል» ይላል። ያምራል፤ ግን ልክ አይደለም። ያንኑ ሞዴል አምስት ጊዜ ከተለያየ መነሻ ስታሠለጥነው፣ ምንም ሳትቀይር ከፍተኛውና ዝቅተኛው ውጤት በ1.4 ነጥብ ተራርቀዋል። ሁለቱ ቁጥሮች የእነዚህ ሙከራዎች አማካይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው የ0.5 ነጥብ ልዩነት በዚህ መዋዠቅ ውስጥ ይሰወራል።

እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል፦ «በዚህ የዜና ስብስብ ላይ ፊደላትን መጠቅለል በትክክለኛነቱ ላይ የጎላ ለውጥ አላሳየም። የታየው የ0.5 ነጥብ ጭማሪ በተደጋጋሚ ሙከራዎች መካከል ከታየው መዋዠቅ ያነሰ ነው።» ልብ በሉ፣ «አይጠቅምም» አላለችም። ለውጥ አለመታየቱና ለውጥ አለመኖሩ ለየቅል ናቸው። «ተረጋግጧል» የሚለውን ቃል ከምዕራፉ ፈልጋችሁ አንድ በአንድ ተመልከቱት፤ ብዙውን ጊዜ «ታይቷል» ብሎ መተካቱ ይበቃል።

ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ደስ ይላል። አጠቃላዩ ውጤት ባይለወጥም፣ ሲጠቀለል አንዳንድ የሃይማኖት ዜናዎች ወደ ኢኮኖሚ ዘርፍ ሄደዋል። የተሳሳቱትን ዜናዎች አውጥታ ስታነብ «ድኅነት» የሚለውን ቃል ደጋግማ አገኘችው። ኀ ወደ ሀ ሲጠቀለል፣ መዳን የሚለው «ድኅነት» እና ችጋር የሚለው «ድህነት» አንድ ቃል ይሆናሉ። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር መደምደሚያው ላይ ማስፈር ከአንድ ገጽ የሥራ ዝርዝር የበለጠ ይናገራል። ግን ምሳሌው ምዕራፍ አራት ላይ አስቀድሞ መኖር አለበት። መደምደሚያ አዲስ ውጤት የሚወለድበት ቦታ አይደለም።

ቀጣይ ሥራ፦ ሰው የሚጀምረው ይሁን

«ወደፊት በትልቅ ዳታና በዘመናዊ ሞዴሎች፣ በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎችም ቢሞከር መልካም ነው።» ይህን ዓረፍተ ነገር ስንቴ አንብቤዋለሁ! ከየትኛውም ጥናት ቆርጣችሁ የትኛውም ላይ ብትለጥፉት ይገጥማል። ጉድለቱም እሱ ነው።

ቀጣይ ሥራ የሚመነጨው ከራሳችሁ ጥናት ክፍተት ነው። የተማሪያችን ክፍተት ያልተመለሰው ሦስተኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ምን እንደጎደለ፣ ምን ዳታ እንደሚያስፈልግ፣ ውጤቱ በምን እንደሚለካና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ትጽፋለች። 2000 የማኅበራዊ ሚዲያ ጽሑፎችን ሁለት ሰዎች ለየብቻ ዘርፍ ይሰጧቸዋል። ለአንዱ ጽሑፍ 30 ሰከንድ ብንይዝ ለእያንዳንዱ ሰው ወደ 17 ሰዓት ገደማ ነው። የሁለቱ ሰዎች ስምምነት በኮኸን ካፓ ይለካል። ስምምነቱ ዝቅተኛ ከሆነ ችግሩ ምናልባት ከሞዴሉ ሳይሆን ከዘርፍ አከፋፈሉ ነው፤ ያኔ ወደ ሞዴሉ ከመሄድ በፊት ዘርፎቹን እንደገና ማየት ይቀድማል። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይህን አንብቦ ሰኞ ጠዋት ሥራ መጀመር ይችላል።

በጣም የቀለለ ሐሳብም ጣጣ አለው። «ጸሐፊዎች ድኅነትን በትክክለኛው ኀ ይጽፉት እንደሆነ ወደፊት ቢጣራ» ብላ ጻፈች እንበል። ጸሐፊዎቹ ቀድሞውንም ሁለቱንም ቃል በሀ የሚጽፉ ከሆነ መጠቅለሉ የሚያጠፋው ነገር የለም፤ ለስህተቱ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይኖርባታል። ስለዚህ ጥያቄው ወሳኝ ነው። ግን ሁለቱንም አጻጻፍ በዳታዋ ውስጥ ፈልጎ 200 ዓረፍተ ነገር ማንበብ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ፈታኙ «ታዲያ ለምን ራስሽ አላየሽውም?» ማለቱ አይቀርም። ከአንድ ቀን በታች የሚያልቀውን ሠርታችሁ ምዕራፍ አራት ላይ ጨምሩት። ከሦስት ዓመት በላይ የሚፈጀውንም ተዉት፤ ሁለት ወይም ሦስት ሐሳብ ይበቃል።

ብዙ የትምህርት ክፍሎች «ምክረ ሐሳብ» የሚል ንዑስ ርዕስም ይጠይቃሉ። እሱ ውጤቱን ለሚጠቀም ሰው ነው፤ ለምሳሌ የዜና ድረ ገጽ ለሚሠራ። ቀጣይ ሥራ ደግሞ ለተመራማሪ። አትቀላቅሏቸው።

ሲያልቅ፣ ጥያቄዎቹን የያዘውን ገጽና የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ አትማችሁ ከሌላ ትምህርት ክፍል ላለ ጓደኛ ስጡት። ብዕር ይዞ የእያንዳንዱን ጥያቄ መልስ ያስምርበት። አሥር ደቂቃ ሞልቶ ያልተሰመረበት ጥያቄ ካለ፣ ያንን አንቀጽ ከመልሱ ጀምራችሁ እንደገና ጻፉት።